ለውጭ አገር አቅራቢ የሚጻፍ አቤቱታ፦ ቁጣውን አስወግዶ ጥያቄውን የማጽናት አሠራር

በአስመጪ ድርጅት ውስጥ የውጭ ደብዳቤ የሚጽፍ ሠራተኛ የአቤቱታ ደብዳቤን ከባዶ ወረቀት አይጀምርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ባለቤቱ ተናዶ ከጻፈው ረቂቅ ነው። ከዚህ በታች የማሳየው ረቂቅ እኔው በምሠራበት ድርጅት ውስጥ ከደረሰኝ ጋር በሐሳብ አንድ ነው፤ አሃዞቹንና ቀኖቹን ግን ለማስረዳት እንዲመቹ አድርጌ አስተካክያቸዋለሁ።

ድርጅቱ ከቻይና ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር 300 ባለ አንድ ፈረስ ጉልበት የውሃ ፓምፖች በኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ሰነድ አይቶ ለአቅራቢው በሚከፍልበት መንገድ፣ አስመጣ። በፕሮፎርማው ላይ የሞተሩ ጥምጥም ሽቦ ሙሉ በሙሉ መዳብ እንደሚሆን ተጽፏል። ዕቃው በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ ከተለቀቀ በኋላ 70ው ተሸጠ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 9 ገዢዎች የተቃጠለ ፓምፕ ይዘው መጡ። የዲናሞ ጥቅለላ ባለሙያው ሲፈታቸው ሽቦው አሉሚኒየም ሆኖ ተገኘ። ባለቤቱም በዚያው ምሽት ይህን ጻፉ፦

«አታላዮች ናችሁ። መዳብ ብላችሁ አሉሚኒየም ላካችሁብን። ደንበኞቻችን ፊት አዋረዳችሁን። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምታደርጉት። ገንዘባችንን ባስቸኳይ መልሱ። አለበለዚያ በባንካችን በኩል ክፍያውን እናግዳለን፤ ኤምባሲያችሁ ድረስ ሄደን እንከሳችኋለን፤ ስማችሁንም በገበያው ሁሉ እናጠፋለን።»

ባለቤቱ መናደዳቸው ተገቢ ነበር። ደብዳቤው እንዳለ ቢላክ ግን መዳቡንም ሆነ ገንዘቡን አያመጣም ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ደብዳቤው ከተላከ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ ማሰብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የምታነበው የሽያጭ ሠራተኛዋ ናት። እርሷ ሽቦ አልጠመጠመችም፤ ካሳ የመፍቀድ ሥልጣንም የላትም። ማድረግ የምትችለው ደብዳቤውን ወደ ቻይንኛ መልሳ ለአለቃዋና ለፋብሪካው የጥራት ክፍል ማቅረብ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው እርሷን የሚወቅስ ከሆነ አለቃዋ ዘንድ የምታቀርበው ነገር አይኖራትም፤ ራሷን ስትከላከል ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። በእጇ የምትይዘው ማስረጃና ግልጽ ጥያቄ ከሰጣችኋት ግን እዚያ ቢሮ ውስጥ የእናንተን ጉዳይ የምታስረዳ ሰው አገኛችሁ ማለት ነው። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ስታለዝቡ ይህችን ሠራተኛና ከእርሷ ኋላ ያለውን ሁለተኛ አንባቢ አስቡ።

አንደኛ፦ ረቂቁን መለየት

ረቂቁን አትጣሉት። አትሙትና በእርሳስ ለዩት። እያንዳንዱ ሐረግ ከአምስቱ የአንዱ ወገን ነው፦ የተረጋገጠ ነገር፣ ፍርድ፣ ስሜት፣ ጥያቄ ወይም ዛቻ። ከላይ ባለው ረቂቅ «መዳብ ብላችሁ አሉሚኒየም ላካችሁብን» የሚለው ብቻ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ እርሱም ገና ማጣራት ይፈልጋል። «አታላዮች» እና «ሁልጊዜም» ፍርድ ናቸው። «አዋረዳችሁን» ስሜት ነው። «ገንዘባችንን መልሱ» ጥያቄ ሲሆን፣ ምን ያህል ገንዘብ እንደሆነ ግን አይናገርም። የቀረው ዛቻ ነው። ከስድስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለአቅራቢው አዲስ ነገር የሚነግረው አንዱ ብቻ መሆኑን ለባለቤቱ ማሳየት፣ ረቂቁን ለመለወጥ ፈቃዳቸውን ለማግኘት የሚረዳ ጥሩ መንገድ ነው። እኔ ከጻፍኩት በላይ ይህን በእርሳስ የተሰመረ ወረቀት ማሳየቴ ሠርቶልኛል።

ሁለተኛ፦ ከመጻፍ በፊት መመርመር

ብዙ ሰው ደብዳቤን የሚያለዝበው ቃል በመለወጥ ይመስለዋል። ጨዋና ጽኑ ደብዳቤ ግን የሚሠራው መጋዘን ውስጥ ነው። ማስረጃችሁ ጠንካራ በሆነ መጠን ድምፃችሁን ከፍ የማድረግ ፍላጎታችሁ ይቀንሳል፤ ማስረጃ የሌለው ሰው ነው በቅጽል የሚጮኸው።

በዚህ ጉዳይ የተመለሱት 9 ፓምፖች ደካማ ማስረጃ ናቸው። ተጠቅመውባቸዋል፤ ተቃጥለዋል፤ በባለሙያ ተፈትተዋል። አቅራቢው «ያገራችሁ ቮልቴጅ ዝቅተኛ ስለሆነ ነው» ወይም «ጥቅለላ ቤት ሽቦው ተቀይሯል» ቢል ማስተባበያው ከባድ ነው። ስለዚህ ከ230ዎቹ ያልተሸጡ ፓምፖች ውስጥ፣ ከተለያየ የመጋዘን ክፍል፣ ካርቶናቸው ያልተከፈተ 12 አወጣን። እያንዳንዱ ካርቶን ሲከፈት፣ የፓምፑ መለያ ቁጥር ሲነበብ፣ ሞተሩ ሲፈታና ሽቦው ሲቆረጥ ሳይቋረጥ በቪዲዮ ተቀረጸ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ጥምጥም ሽቦ በላዩ ቫርኒሽ አለው፤ ቫርኒሹን በምላጭ ፋቅ አድርጎ ቀይ ሲያይ «መዳብ ነው» ብሎ የሚያቆም ሰው ብዙ ነው። በገበያ ላይ ግን ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ላዩ በስስ መዳብ የተለበጠ ሽቦ አለ። ይህንን ለመለየት ሽቦውን በመቁረጫ ቆርጦ የተቆረጠውን ጫፍ በአጉሊ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርቦ ማየት ያስፈልጋል፤ መዳብ እስከ መሐሉ ቀይ ነው፤ የተለበጠው ግን መሐሉ ነጭ ሆኖ ዙሪያውን ቀጭን ቀይ ቀለበት ይታይበታል። ክብደቱም ይመሰክራል፤ አሉሚኒየም ከመዳብ ሲሶ ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። የእኛ 12ቱም መሐላቸው ነጭ ነበር።

ምርመራው ሌላም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም የምታውቁትን ከማታውቁት መለየትን። ሽቦው አሉሚኒየም መሆኑን አውቀናል። ማን እንደለወጠው ግን አናውቅም። የፓምፕ ፋብሪካ ሞተሩን ከሌላ ፋብሪካ ሊገዛ ይችላል፤ ዕቃውን የሸጠልን ድርጅትም ነጋዴ ብቻ ሊሆን ይችላል። «አታላዮች» የሚለው ቃል የሚወጣው ለጨዋነት ሲባል ብቻ አይደለም፤ እውነት መሆኑን ስለማናውቅም ነው። ይህ ሲገባቸው ባለቤቱም ቃሉ እንዲወጣ ተስማሙ።

ሦስተኛ፦ ወረቀቱን ማንበብ

ፕሮፎርማውን፣ የንግድ ደረሰኙንና በኤልሲው ላይ የተጻፈውን የዕቃ መግለጫ ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ያ የተጣሰው ቃል በየትኛው ወረቀት በየትኛው መስመር እንዳለ ቁጥሩን ያዙ። «መዳብ» የሚለው ቃል በዊቻት ንግግር ውስጥ ብቻ ተነሥቶ ፕሮፎርማው ላይ ካልገባ፣ የደብዳቤያችሁ ጽናት በዚያው ልክ መቀነስ አለበት፤ ያኔ የምትጠይቁት እንደ መብት ሳይሆን እንደ ስምምነት ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የባንኩን ዛቻ አስወጡ። በኤልሲ ሥርዓት ባንኮች የሚሠሩት በሰነድ እንጂ በዕቃ አይደለም፤ ይህ በዓለም አቀፍ የኤልሲ ደንብ፣ ዩሲፒ 600 በሚባለው፣ አንቀጽ 5 ላይ በግልጽ ተቀምጧል። ሰነዶቹ ከኤልሲው ጋር ተስማምተው ቀርበው ከሆነ ባንኩ ሞተር ተፈትቶ ሽቦ ቢታይም ይከፍላል፤ በእኛ ጉዳይ ደግሞ ከከፈለ ቆይቷል። አቅራቢው ይህንን ከእናንተ በላይ ያውቃል። የማይፈጸም ዛቻ ከተናገራችሁ ቀሪውንም ቃላችሁን በዚያው ሚዛን ይመዝነዋል።

አራተኛ፦ ጥያቄውን መወሰን

ይህ ደረጃ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጦ የሚሠራ ነው፤ ጸሐፊው ብቻውን ሊወስነው አይገባም። «ገንዘባችንን መልሱ» ማለት 300ውን ፓምፕ ወደ ቻይና መመለስ ማለት ከሆነ፣ የመርከብና የጉምሩክ ወጪው ከጥቅሙ ሊበልጥ ይችላል። እኛ ሁለት አማራጮች ላይ ደረስን።

የመጀመሪያው የዋጋ ልዩነት ነው። አቅራቢው ራሱ በላከልን የዋጋ ዝርዝር ላይ ባለ መዳቡ ፓምፕ 46 ዶላር፣ ባለ አሉሚኒየሙ 35 ዶላር ተብሎ ተቀምጧል። ልዩነቱ 11 ዶላር፣ በ300 ሲባዛ 3,300 ዶላር ይሆናል። የካሳውን መጠን ከአቅራቢው ከራሱ ወረቀት ማውጣት ከሁሉ የሚበልጥ ጽናት ነው፤ ቁጥሩ የእናንተ ፈጠራ ስላልሆነ ጭቅጭቁ ግማሹ እዚያው ያልቃል። ሁለተኛው አማራጭ 300 ባለ መዳብ ሞተር ያለ ክፍያ መላክ ነው። ይህን ከመጠየቃችሁ በፊት ትራንዚተራችሁን አማክሩ፤ በነፃ የተላከ ዕቃም ቢሆን በጉምሩክ ዋጋ ተገምቶ ሊቀረጥ ስለሚችል፣ ቀረጡንና መጓጓዣውን ማን እንደሚከፍል በደብዳቤው ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

የአገር ውስጥ ገዢዎችም ጉዳይ አለ፤ አቅራቢውን አይመለከትም፣ እናንተን ግን ይመለከታል። ሽቦው አሉሚኒየም መሆኑን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ቀሪውን ፓምፕ «መዳብ ነው» ብሎ መሸጥ በእናንተ ላይ የተፈጸመውን በገዢው ላይ መፈጸም ነው።

አምስተኛ፦ ዓረፍተ ነገሩን በየተራ ማለዘብ

አሁን ብዕሩ ይነሣል። የአማርኛ ቁጣ በብዛት የሚቀመጠው በግሡ ጫፍ ላይ ነው። «ላካችሁብን» ከሚለው ውስጥ «ብን» የምትለዋ ድርጊቱ እኛን ለመጉዳት ተብሎ የተፈጸመ ታስመስለዋለች፤ «ላካችሁልን» ሲሆን ክሱ ይጠፋል፣ ነገሩ ግን አይጠፋም። ከዚህም አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዶ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ከሰው ወደ ዕቃ ማዞር ይቻላል፦ «የደረሱን ፓምፖች ጥምጥም ሽቦ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኝቷል።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተከሳሽ የለም፤ የሚካድ ነገርም የለም።

ዕቃን የዓረፍተ ነገር ባለቤት ማድረግ የሚጠቅመው ጉድለቱ ሲነገር ነው። ጥያቄው ሲነገር ግን ባለቤቱ ሰው መሆን አለበት። «ልዩነቱ እንዲከፈል ይጠበቃል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ማን ለማን በስንት ቀን እንደሚከፍል ሳይናገር ያልፋል። «ድርጅታችሁ 3,300 ዶላር ወደ ሒሳባችን እንዲያስተላልፍ እንጠይቃለን» የሚለው ጨዋ ነው፤ ማምለጫም የለውም። ስለዚህ ደንቡን እንዲህ አድርጌ ይዤዋለሁ፦ ጉድለት ሲገለጽ ዕቃው ይናገር፤ ጥያቄ ሲቀርብ ሰው ይጠራ።

«ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምታደርጉት» የሚለውን በተመለከተ፣ ከዚህ በፊት ችግር መኖሩን ባለቤቱን ጠየቅኳቸው። ከሁለት ዓመት በፊት 4 ካርቶን ጎድሎ መጥቶ አቅራቢው በሚቀጥለው ጭነት ተክቶ ነበር። ይህ «ሁልጊዜም» አይደለም፤ እንዲያውም በእኛ በኩል የሚመሰክር ነገር ነው። ስለዚህ ክሱ ወደ መልካም ትዝታ ተለወጠ፦ «ከዚህ በፊት የጎደሉ 4 ካርቶኖች በተገኙ ጊዜ ድርጅታችሁ በሚቀጥለው ጭነት ተክቶልን እንደነበር እናስታውሳለን።» ይህች ዓረፍተ ነገር ውዳሴ ብቻ አይደለችም፤ አቅራቢው ስሕተትን የማረም ልማድ እንዳለው ራሱን ታስታውሰዋለች። በሐሰት ማሞገስ ግን አይገባም፤ እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ ቦታው ባዶ ይቅር።

«ደንበኞቻችን ፊት አዋረዳችሁን» የሚለውን ወደ ቁጥር መለወጥ ያምራል፤ «9 ገዢዎች ዕቃውን መልሰዋል» ማለት ይቻላል። እኔ ግን ይህንን ከደብዳቤው አወጣሁት። 9ኙ ፓምፖች ከገቡ ክርክሩ ስለ መቃጠል ይሆናል፤ ስለ መቃጠል ሲሆን ደግሞ ስለ ቮልቴጅ፣ ስለ ጉድጓድ ጥልቀትና ስለ አገጣጠም ይወራል። አንድ የማይካድ ክስ ከሦስት የሚያከራክሩ ክሶች ይበልጣል።

«ባስቸኳይ» ቀን ይሆናል። የዛቻው ቦታ ደግሞ በእውነት የምታደርጉትን አንድ ነገር፣ ያለ ምንም ቅጽል፣ በመናገር ይሞላል። ድርጅቱ ሁለተኛ 500 ፓምፕ ለማዘዝ ፕሮፎርማ ተቀብሎ ነበር፤ ኤልሲው ግን ገና አልተከፈተም። እጃችን ላይ የነበረው እውነተኛ ኃይል ይህ ብቻ ነበርና «ይህ ጉዳይ እስኪጠናቀቅ የሁለተኛውን ትእዛዝ የኤልሲ ማመልከቻ ለባንክ አናቀርብም» ብለን ጻፍን። ኤምባሲውና ስም ማጥፋቱ ወጡ። ስም እናጠፋለን ማለት ለራሳችሁም በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ የጽሑፍ ማስረጃውን ደግሞ በገዛ እጃችሁ ሰጥታችኋል።

ስድስተኛ፦ ከመጠን ያለፈውን ልስላሴ መልቀም

ቁጣውን ያወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። አማርኛችን የትሕትና ቃል ስለሚበዛው፣ «ስላስቸገርናችሁ ይቅርታ እየጠየቅን»፣ «ከተቻለ»፣ «ካልከበዳችሁ»፣ «አነስተኛ ችግር ገጥሞን» የሚሉት ሳይታወቁ ይገባሉ። «ከተቻለ» የሚለው ለአንባቢው «አልተቻለም» የሚለውን መልስ አዘጋጅቶ የሚሰጥ ቃል ነው። «አነስተኛ ችግር» ካላችሁ በኋላ 3,300 ዶላር መጠየቅ አይገጥምም። ያላጠፋ ሰውም ይቅርታ መጠየቅ የለበትም። «እባክዎ» በደብዳቤው ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይበቃል። አክብሮቱን የሚሸከመው «እርስዎ» ማለታችሁና ቃላችሁን በልክ መያዛችሁ ነው።

ሰባተኛ፦ ደብዳቤውን መጻፍ

ከላይ ያለው ሁሉ ተሠርቶ የወጣው የአማርኛ ጽሑፍ የሚከተለው ነው።

«ኖቬምበር 12 ቀን 2025

ለተከበሩ የሽያጭ ኃላፊ፦

ይህ ደብዳቤ በሜይ 2 ቀን 2025 በተሰጠን ፕሮፎርማ መሠረት የደረሱንን 300 የውሃ ፓምፖች ይመለከታል። በፕሮፎርማው 4ኛ መስመር ላይ የሞተሩ ጥምጥም ሽቦ ሙሉ በሙሉ መዳብ እንደሚሆን ተገልጿል።

ካልተከፈቱ ካርቶኖች 12 ፓምፖችን አውጥተን ፈትሸናል። የ12ቱም ሽቦ ላዩ በመዳብ የተለበጠ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ ተገኝቷል። የመለያ ቁጥሮቻቸው፣ ፎቶዎችና ቪዲዮው ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። የቀሩትን ፓምፖች አልከፈትንም፤ በእናንተ በኩል የሚመደብ መርማሪ ሊያያቸው ይችላል።

ልዩነቱ በየትኛው የምርት ደረጃ ላይ እንደተፈጠረ አናውቅም፤ ከፋብሪካው ጋር እንዲያጣሩልን እንጠይቃለን። ከዚህ በፊት የጎደሉ 4 ካርቶኖች በተገኙ ጊዜ ድርጅታችሁ በሚቀጥለው ጭነት ተክቶልን እንደነበር እናስታውሳለን።

ድርጅታችሁ ከሚከተሉት ሁለት መንገዶች አንዱን እንዲመርጥ እንጠይቃለን። አንደኛው፣ በዋጋ ዝርዝራችሁ መሠረት በሁለቱ ዓይነት ፓምፖች መካከል ያለውን የ11 ዶላር ልዩነት፣ ለ300 ፓምፖች 3,300 ዶላር፣ ወደ ድርጅታችን ሒሳብ ማስተላለፍ ነው። ሁለተኛው፣ 300 ባለ መዳብ ጥምጥም ሞተሮችን ያለ ክፍያ መላክና የመጓጓዣውንና የቀረጡን ወጪ መሸፈን ነው።

እባክዎ ምርጫችሁን እስከ ረቡዕ፣ ኖቬምበር 26 ቀን 2025 በጽሑፍ ያሳውቁን። ይህ ጉዳይ እስኪጠናቀቅ የ500 ፓምፖቹን የኤልሲ ማመልከቻ ለባንክ አናቀርብም። ሲጠናቀቅ ትእዛዙን ለመቀጠል ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር»

«የቀሩትን ፓምፖች አልከፈትንም» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ባለቤቱ አልወደዷትም ነበር፤ ድካማችንን የምትገልጥ መሰላቸው። እኔ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ብርቱዋ እርሷ ትመስለኛለች። ያልተመረመረውን አልተመረመረም የሚል ሰው፣ የተመረመረውን ሲናገር ይታመናል። የመጨረሻዋ «ለመቀጠል ዝግጁ ነን» የምትለውም መቅረት የለባትም፤ በር ከተዘጋ አቅራቢው 3,300 ዶላር የሚከፍልበት ምክንያት አይኖረውም።

ስምንተኛ፦ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር

ደብዳቤው የሚሄደው በእንግሊዝኛ ነው፤ እዚያ ደርሶም በማሽን ወደ ቻይንኛ የመገልበጡ ዕድል ሰፊ ነው። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ የሚተርፍ ጽሑፍ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚጠፋው አክብሮት ነው። «እርስዎ»፣ «እናንተ» እና «አንተ» በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ይሆናሉ፤ በአማርኛ በ«እርስዎ» ታቅፎ የነበረ ትእዛዝ እንግሊዝኛ ሲሆን ባዶውን ይወጣል። «ማድረግ አለባችሁ» የሚለውም ሲተረጎም ካሰባችሁት በላይ ይጠነክራል። መፍትሔው ከአማርኛው ጀምሮ ትእዛዙን «እንጠይቃለን» በሚል መተካት ነው፤ ይህ ግሥ በየትኛውም ቋንቋ ጨዋም ግልጽም ሆኖ ይሻገራል። ምሳሌያዊ አነጋገርንም አስወጡ። «ጉድ ሠራችሁን» ወይም «እጃችንን አሳሰራችሁን» የሚለው በሁለተኛው ትርጉም ላይ ምን ሆኖ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮችንም ቁረጡ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ነገር ይናገር።

ቀኑን ተጠንቀቁበት። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን በእኛ ኅዳር 3 ቀን 2018 ነው። በልማድ በቁጥር ብቻ 3/3/2018 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ለአቅራቢው ማርች 3 ቀን 2018 ብሎ እንደ ጻፈ ይቆጠራል፤ አቤቱታው ዓመታት ያለፉት ይመስላል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉ። በዊቻት ለመነጋገር ሰዓት ስትቀጥሩም እንደዚሁ ነው፤ የእኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለእነርሱ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው፤ በአዲስ አበባና በቻይና መካከል 5 ሰዓት ልዩነት አለና። የመጨረሻውን ቀን ስትወስኑ የእነርሱን በዓላት ተመልከቱ፤ በ2026 የቻይና አዲስ ዓመት ፌብሩዋሪ 17 ላይ ስለሚውልና ፋብሪካዎች ከበዓሉ ቀደም ብለው ስለሚዘጉ፣ ምትክ ሞተር የሚመረጥ ከሆነ ከዚያ በፊት መጫን አለበት።

ትርጉሙ ሲያልቅ አንድ ፈተና አለ። እንግሊዝኛውን ብቻ፣ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ ስጡትና «ምን ጎደለ? ምን ተጠየቀ? እስከ መቼ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሦስቱንም ሳያመነታ ከመለሰ ደብዳቤው ጽኑ ነው። ከዚያ «የጻፈው ሰው የተናደደ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ይመስላል» ካለ ወዲያውኑ የትኛው ቃል እንዳስባለው አሳየኝ በሉት፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቃል ነው።

ዘጠነኛ፦ መላክና መልሱን መቀበል

ደብዳቤው ከመላኩ ጥቂት ሰዓታት አስቀድሞ ለሽያጭ ሠራተኛዋ በግል ዊቻት «አንድ የጥራት ጉዳይ አግኝተናል፤ ዛሬ ዝርዝሩን በኢሜይል እንልክልዎታለን» ብሎ ማሳወቅ ጥሩ ነው። አለቃዋ ከእርሷ ቀድሞ እንዳይሰማ ማድረግ ቢሮዋ ውስጥ እንዳታፍር ይረዳታል። ሌሎች ገዢዎችም ሆኑ የእርሷ ባልደረቦች ባሉበት የጋራ ቡድን ውስጥ ግን አቤቱታውን ፈጽሞ አትለጥፉ። በሰው ፊት የተወቀሰ ሰው ማረም ትቶ መካድ ይጀምራል፤ ይህ በእኛም ዘንድ ያለ ጠባይ ስለሆነ ለመረዳት አያስቸግርም።

ከሚመጡት መልሶች ሁለቱን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው የቮልቴጅ መልስ ነው። እናንተ ስለ መቃጠል ባታነሡም «በአፍሪካ ቮልቴጁ ስለሚዋዥቅ ሞተር ይጎዳል» የሚል ሊመጣ ይችላል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ስልሳ በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላይ የበለጠ እንደሚሞቅ ለማስረዳት ትፈተናላችሁ። እውነት ቢሆንም አትግቡበት። መልሳችሁ ይህ ይሁን፦ «ስለ ቮልቴጅ የሰጡንን ማብራሪያ ተቀብለናል። የኛ ጥያቄ የሚመለከተው በፕሮፎርማው 4ኛ መስመር የተገለጸውን የሽቦ ዓይነት ነው። የፈተሽናቸው 12 ፓምፖች ከኤሌክትሪክ ጋር ተገናኝተው አያውቁም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በሩን ትዘጋዋለች፤ ካልተከፈቱ ካርቶኖች የመረመርነውም ለዚህ ነበር።

ሁለተኛው «12 ፓምፕ ስለ 300ው አይመሰክርም» የሚል ነው። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነውና እንደ ተገቢ ጥያቄ መልሱለት። ቀሪዎቹ እንዳልተከፈቱ፣ አቅራቢው በሚመርጠው የምርመራ ድርጅት ሌላ 20 ፓምፕ ሊታይ እንደሚችልና ሽቦው አሉሚኒየም ከሆነ የምርመራውን ክፍያ አቅራቢው፣ መዳብ ከሆነ ግን እናንተ እንደምትከፍሉ ጻፉ። ጉድለቱን የሚያውቅ አቅራቢ በዚህ ጊዜ ምርመራውን ትቶ ወደ ድርድር ይመጣል።

በቀጠሮው ቀን ምንም መልስ ካልመጣ፣ በማግስቱ ሦስት መስመር ብቻ ያላት ሁለተኛ ደብዳቤ ይላካል፦ የመጀመሪያው ደብዳቤ ቀን፣ መልስ አለመድረሱ፣ የኤልሲ ማመልከቻው መቆሙ። ድምፁ ከመጀመሪያው ከፍ አይበል። አሁን ግን የሽያጩን ክፍል አለቃ በግልባጭ ማስገባት ይገባል፤ ይህንንም ለሠራተኛዋ አስቀድማችሁ ንገሯት።

ስምምነት ላይ ሲደረስ፣ በስልክም ይሁን በዊቻት የተባለውን በዚያው ቀን በኢሜይል መልሳችሁ ጻፉ፦ የገንዘቡን መጠን፣ የሚተላለፍበትን ቀንና ሒሳቡን። ለሁለተኛው ትእዛዝ የሚመጣው ፕሮፎርማ ላይም «መዳብ» ብቻ ተብሎ እንዳይቀር፣ «ውስጡም ላዩም መዳብ፣ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ያልሆነ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከመጫኑ በፊትም ከየካርቶኑ ተመርጠው የሚቆረጡ ሞተሮች ብዛትና የሚመረምራቸው አካል እዚያው መስመር ላይ ይገለጽ፤ የምርመራው የምስክር ወረቀት ደግሞ በኤልሲው ውስጥ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ እንዲሆን ባንካችሁን ጠይቁ።